በዓምዱ ግርጌ ያሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፦ ስለ አምደኛ መግለጫ

አንድ ቋሚ ዓምድ አንብበን ስንጨርስ፣ ከመጨረሻው አንቀጽ በታች ዘንበል ባለ ፊደል የተጻፈ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እናገኛለን። ጸሐፊው ማን እንደሆኑ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩ፣ አንዳንዴም በምን አድራሻ እንደሚገኙ ይነግረናል። ይህን ጽሑፍ ማንም እንደ ጽሑፍ አይቆጥረውም። ስለ ልቦለድ፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ተውኔት፣ አለፍ ሲልም ስለ ወግ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህች የግርጌ ቁራጭ ግን በአማርኛ ሂስ ሲነገር አላየሁም። እኔም ብሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወርኃዊ መጽሔት ዓምድ መጻፍ ጀምሬ፣ አዘጋጁ «ስለ ራስህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ» እስካለኝ ድረስ ነገሬ ብዬ አላየኋትም ነበር። ሁለቱን መስመር ለመጻፍ የፈጀብኝ ጊዜ ግን ዓምዱን ለመጻፍ ከፈጀብኝ አላነሰም። ምክንያቱን ቀስ በቀስ ስመረምር የደረስሁበትን ነው እዚህ ለማሳየት የምሞክረው። ለመግባባት ያህል ይህችን ጽሑፍ «የአምደኛ መግለጫ» እላታለሁ።

በመጀመሪያ የእንግዳ ጸሐፊን መግለጫ ከቋሚ አምደኛ መግለጫ መለየት ያስፈልጋል። እንግዳ ጸሐፊ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሐሳቡን ይሰነዝራል፣ ይሄዳል። አንባቢ ከዚያ በፊት አያውቀውም፤ ስለዚህ መግለጫው የማስተዋወቅ ሥራ ይሠራል። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1970 ከርዕሰ አንቀጹ ገጽ ትይዩ የውጭ ሰዎች የሚጽፉበትን ገጽ ሲከፍት የተከተለው ልማድ ይህንኑ የሚያሳይ ነው። ከውጭ ለመጣው ጸሐፊ በጽሑፉ ግርጌ ሥራውን የሚናገር መስመር ይደረግለታል፤ የቤቱ አምደኞች ግን ለረጅም ጊዜ በሕትመቱ ላይ ከስማቸው በስተቀር ምንም አልተጻፈላቸውም። ስሙን አንባቢው ያውቀዋል፣ ደመወዙን የሚከፍለው ጋዜጣው መሆኑም ይታወቃል፤ ሌላ ምን ይባላል? ነው ነገሩ።

በብዙ መጽሔቶችና በተለይ በማኅበራትና በመሥሪያ ቤቶች ዜና መጽሔቶች ላይ ግን አምደኛው የቤቱ ተቀጣሪ አይደለም። በየወሩ ይጽፋል፤ መተዳደሪያው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ሰው መግለጫ ያስፈልገዋል፤ መግለጫውም በየወሩ ያው ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንባቢ መግለጫውን በመጀመሪያው ወር ያነበዋል፣ በሁለተኛው ወር ያየዋል፣ ከሦስተኛው ወር በኋላ ግን ዓይኑ ጭራሽ አያርፍበትም። አዘጋጁም አያነበውም፤ ካለፈው እትም ይገለብጠዋል። ጸሐፊውም ቢሆን የላከው አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ በየወሩ እየታተመ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ዓምዱ በየወሩ አዲስ ነው፤ መግለጫው ግን ጸሐፊው መጻፍ በጀመረበት ቀን ላይ ቆሞ ቀርቷል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ። በአገራችን ጋዜጦች ላይ የተለመደው መግለጫ «ከአዘጋጁ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ ከዚያም ጸሐፊው የእንዲህ ያለ ሙያ ባለቤት «ሲሆኑ» በዚህ አድራሻ «ማግኘት ይቻላል» ብሎ ይዘጋል። የሪፖርተር ጋዜጣ አንባቢ ይህን መልክ በደንብ ያውቀዋል። ጽሑፉ የጸሐፊውን አመለካከት ብቻ የሚያንጸባርቅ መሆኑን የሚናገር ዓረፍተ ነገርም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል።

ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ሰዋስው ተማሪ እንመልከተው። በአማርኛ ዋናው ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ የዓረፍተ ነገሩ ክብደት ያለውም እዚያው ነው። «ሲሆኑ» የሚለው ግን ጥገኛ ሐረግ ነው። መደላደል ይሠራል እንጂ ነገር አይጨርስም። «ጸሐፊው የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ በዚህ አድራሻ ማግኘት ይቻላል» ስንል፣ ዋናው ነገር አድራሻው ሆነ፤ ሙያው ደግሞ በመንገድ ላይ የተጣለ ዕቃ ነው። አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው፣ ማለትም የሚያነበውን ነገር የሚናገረው ሰው ከየትኛው ወንበር ላይ ሆኖ እንደሚናገር፣ በጥገኛው ሐረግ ውስጥ ተሸጉጧል። በግሡ ላይ የተቀመጠው የፖስታ ነገር ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የአጻጻፍ ልማድ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን «ሲሆኑ» የሚለው ቃል በውስጡ የተቀመጠውን ማናቸውንም ነገር እንደ ታወቀ፣ እንደ ተራ፣ እንደማያከራክር አድርጎ የማሳለፍ ጠባይ አለው። ጸሐፊው ያላንዳች ተንኮል እንዲህ ሊጽፍ ይችላል። ሊሸሽገው የሚፈልገው ነገር ያለው ሰውም ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አያገኝም።

ሁለተኛው የቋንቋ ጣጣ አክብሮት ነው። የአምደኛን መግለጫ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አምደኛው ነው፤ የሚወጣው ግን በአዘጋጁ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ሰው ስለ ራሱ በሦስተኛ መደብ ቢጽፍ አያስታውቅበትም፤ ተውላጠ ስሙ ለሊቀ ጳጳሱም ለተላላኪውም አንድ ነው። በአማርኛ ግን ከ«ነው»ና ከ«ናቸው» አንዱን ሳይመርጡ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይቻልም። ስለ ራሴ ሁለቱን መስመር ልጽፍ ስቀመጥ ያሰረኝ ይህ ነበር። «ጸሐፊው የሥነ ጽሑፍ መምህር ናቸው» ብዬ ስጽፍ እጄ ተሳሰረ፤ ሰው ራሱን አንቱ ብሎ ሲጠራ እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር? «መምህር ነው» ብዬ ስጽፈው ደግሞ አዘጋጁ እኔን አንተ ያለኝ ሆኖ ይነበባል፤ ከአጠገቤ ያለው አምደኛ «ናቸው» ተብሎ እኔ «ነው» ስባል አንባቢ አንድ ነገር መጠርጠሩ አይቀርም። የሴት አምደኛ ከሆነች ሌላ ነገር ይጨመራል። «ናቸው» ጾታን ይሸፍናል፤ «ጸሐፊዋ» የሚለው ምዕላድ ግን መልሶ ይገልጠዋል። «ጸሐፊዋ መሐንዲስ ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ገልጦ ሸፈነ ማለት ነው።

ከዚህ ለመውጣት አንዳንድ መጽሔቶች ግሥ የሌለው ሐረግ ይመርጣሉ፤ «የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ባሕር ዳር» ብለው ይተዉታል። ንጹሕ መፍትሔ ነው፤ እኔም በመጨረሻ የተጠቀምሁበት ይህንኑ ነበር። ጉድለቱ ግን ወዲያው ይታያል። ግሥ የሌለው ሐረግ ጊዜ የለውም። መምህር የነበረና መምህር የሆነ በዚህ አጻጻፍ አይለዩም። ደግሞም ግሥ ከሌለ ነገርን ከነገር ጋር ማገናኘት አይቻልም፤ «ከዚህ ድርጅት ገንዘብ ይቀበላሉ» የሚለውን ያለ ግሥ እንዴት ይሉታል? ስለዚህ የአክብሮቱን ጣጣ መሸከም ይሻላል እላለሁ። አዘጋጁ ለአምደኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት «ናቸው» ይስጥ፤ በዓምዱ ላይ ያለውን የአክብሮት ልክ የሚወስነው ራሱ አዘጋጁ እንጂ ጸሐፊው አለመሆኑ ይታወቃል፤ ነገሩም ያበቃል።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ላይ ማየት ይሻላል። ምሳሌው ለተማሪዎቼ የክፍል ልምምድ እንዲሆን የፈጠርሁት ነው። አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ለአንድ የሠራተኞች ማኅበር ዜና መጽሔት በየወሩ ስለ መድኃኒት አጠቃቀም ይጽፋሉ። የላኩት መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊዋ በፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ሲሆን፣ በተለያዩ መንግሥታዊና መንግሥታዊ ባልሆኑ ተቋማት በተለያዩ የሥራ ኃላፊነቶች አገልግለዋል። በአሁኑ ጊዜ በግል ሥራ ላይ ይገኛሉ።»

ተማሪዎቼ ይህን ሲያነቡ በመጀመሪያ ምንም ስሕተት አያገኙበትም፤ ሁላችንም የለመድነው መልክ ነውና። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ ይህን መግለጫ ከዚህ ዓምድ አንሥታችሁ ስለ ግብርና ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚጻፍ ዓምድ ሥር ብታስቀምጡት ምን ይጎድላል? የዲግሪዎቹን ስም ብቻ ብትለውጡ ምንም አይጎድልም። «የተለያዩ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ የገባው በከንቱ አይደለም፤ ምንም ሳይናገሩ ለመናገር ከዚህ የሚሻል ቃል በአማርኛ የለንም። የትኞቹ ተቋማት? የትኛው ኃላፊነት? ዐሥራ አምስት ዓመት በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል የሠራ ሰውና በቢሮ ውስጥ ዘገባ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ስለ መድኃኒት የሚያውቁት አንድ አይደለም። አንባቢ የሚፈልገው ይህን ልዩነት ነው።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በልምምዱ ታሪክ መሠረት ባለሙያዋ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከሁለት ሰዎች ጋር በሽርክና መድኃኒት አስመጪ ድርጅት አላቸው። «በግል ሥራ ላይ ይገኛሉ» የሚለው ሐሰት ነውን? አይደለም። የግል ሥራ ነው፤ በዚያም ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን በዚያው ወር ዓምዳቸው ስለ አንድ የደም ግፊት መድኃኒት የተለያዩ አምራቾች ምርቶች ቢያወዳድር፣ አንባቢ ውድድሩን የሚዳኘው ሰው ከተወዳዳሪዎቹ የአንዱ ሻጭ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባለሙያዋ ምናልባት በእውነተኛ ሚዛን ይመዝኑ ይሆናል። ቁም ነገሩ ግን አንባቢው ሚዛኑን እንዲፈትሽ ዕድል መነፈጉ ነው።

ተማሪዎቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱበት መግለጫ ይህን ይመስላል፦ «ጸሐፊዋ ለዐሥራ አምስት ዓመት በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል የሠሩ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ባለድርሻ ናቸው።» እዚህ ላይ «ሲሆኑ» አልተጣለም፤ ቦታውን ግን ለወጠ። የሚያስከብረው ነገር በጥገኛው ሐረግ ውስጥ ገባ፣ የሚያስጠይቀው ነገር በዋናው ግሥ ላይ ተቀመጠ። ዲግሪዎቹ ሁለቱም ወጡ። አንድ ተማሪ በዚህ ላይ ሲቃወም «ሁለተኛ ዲግሪዋን ለምን ይነጥቋታል?» ብሎኝ ነበር። አልነጠቅናትም፤ በሆስፒታል የሠራች ፋርማሲስት የመጀመሪያ ዲግሪ እንዳላት አንባቢ ያውቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዓምዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ስለ ወረርሽኝ መከላከል የምትጽፍ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው እርሱ ነበር።

ይህ መግለጫ በየወሩ ሊታተም ይችላል። ነገር ግን ስለዚያ የደም ግፊት መድኃኒት በተጻፈበት ወር አይበቃም። በዚያ ወር ብቻ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር አለበት፦ «በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት መድኃኒቶች አንዱን ድርጅታቸው ያስመጣል።» ቋሚው መግለጫ ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ ተጨማሪው ደግሞ ይህ ሰው ከዛሬው ነገር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይናገራል። የአምደኛ መግለጫ ከባዱ ክፍል ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ግን በየወሩ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም የለም» ቢሆንም እንኳ።

ስለ «በአሁኑ ጊዜ» አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሐረግ በመግለጫ ውስጥ ሲገባ ከሌሎቹ ቃላት ሁሉ ቀድሞ ይበሰብሳል። የተጻፈበት «አሁን» እና የሚነበብበት «አሁን» እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ማንም ደግሞ አያየውም። «በቅርቡ» ም እንዲሁ ነው። ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ ግን ዓረፍተ ነገሩ አይበሰብስም፤ ቢያረጅ እንኳ ማርጀቱ በላዩ ላይ ይታወቃል። የቆየ መግለጫን ለመለየት ከፈለጋችሁ የምትፈልጉት ሌላ ማስረጃ ሳይሆን እነዚህን ሁለት ቃላት ነው።

ከልምምድ ወደ እውነተኛ ታሪክ እንሻገር። ዳግ ባንዶው የተባለ አሜሪካዊ አምደኛ ኬቶ ኢንስቲትዩት በተባለ በዋሽንግተን የሚገኝ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ውስጥ ከፍተኛ ተመራማሪ ነበር። ዓምዱን ኮፕሊ የተባለ የዜና አገልግሎት ለብዙ ጋዜጦች ያከፋፍልለት ነበር። እንዲህ ያለ አምደኛ ለአንባቢ የሚተዋወቀው በተቋሙ ማዕረግ ነው፤ ማዕረጉም ትክክለኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ግን ቢዝነስ ዊክ የተባለው መጽሔት፣ ባንዶው ከጉዳይ አስፈጻሚው ከጃክ አብራሞፍ ገንዘብ እየተቀበለ የአብራሞፍ ደንበኞችን የሚጠቅሙ ጽሑፎች መጻፉን አወጣ። በዓመታት ውስጥ ከ12 እስከ 24 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች እንደነበሩ፣ ለአንዱም እስከ 2,000 ዶላር ይከፈለው እንደነበር ተገለጠ። ባንዶው ድርጊቱን አልካደም፤ የፍርድ ጉድለት መሆኑን አመነ። ከተቋሙ ለቀቀ፤ የዜና አገልግሎቱም ዓምዱን አገደው።

በዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ቅሌቱ አይደለም፤ ቅሌት በየአገሩ አለ። የሚጠቅመው ማዕረጉ ነው። «ከፍተኛ ተመራማሪ» የሚለው ሐረግ አንድም ፊደል ሐሰት አልነበረበትም። አንድ ጠንቃቃ አዘጋጅ ወደ ተቋሙ ስልክ ደውሎ ቢያጣራ «አዎ፣ እዚህ ይሠራል» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። መግለጫው እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢን ሊያሳስት የቻለው በውስጡ ባለው ነገር ሳይሆን ባልገባው ነገር ነው። ተቋሙ ከጸሐፊው ስም ጎን ሲቆም፣ አንባቢ «ይህ ሰው ደመወዙን የሚያገኘው ከጥናት ተቋም ነው፤ ስለዚህ የሚናገረው የተቋሙን አቋም ወይም የራሱን እምነት ነው» ብሎ ይደመድማል። ሦስተኛ ከፋይ ሊኖር እንደሚችል እንዳያስብ የሚያደርገው ራሱ መግለጫው ነው። ምንም መግለጫ ባይኖር ምናልባት ይጠይቅ ነበር። ባንዶው ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ተቋም በዚያው ማዕረግ ተመልሷል፤ ከቅሌቱ በፊት የነበረው መግለጫና ዛሬ የሚጻፈው በቃል ሊለያዩ አይችሉም።

ይህን ሳስብ ወደ ብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ገጾች እመለሳለሁ። የጥንታዊ ጽሑፎችን ኮርስ የወሰደ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ጸሐፊው አንባቢ እንዲጸልይለት የሚለምንበት ጥቂት መስመር ብዙ ጊዜ ይገኛል። የራሱን ስም ይጽፋል፤ ነገር ግን ብቻውን አይቆምም። ያስጻፈው ሰው ስም፣ ማለትም የብራናውንና የድካሙን ዋጋ የቻለው ሰው ስም፣ ከጎኑ ይገኛል። የጻፈና ያስጻፈ አብረው ይታሰባሉ። ዓላማው ሌላ ነው፤ ጸሎት ለሁለቱም እንዲደርስ ነው እንጂ ለአንባቢ ጥንቃቄ ታስቦ አይደለም። ቢሆንም ከፋዩን ከጸሐፊው ጋር በአንድ ትንፋሽ መጥራት ለአማርኛና ለግእዝ የግርጌ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም ለማለት ያስችለናል። መጽሐፉ ወደ ሌላ ባለቤት በተሻገረ ጊዜም የቀድሞው ሰው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም በቦታው ተጽፎ የምናገኝባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። ፍቀቱ ለታሪክ ተመራማሪ ያናድዳል፤ ለኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ያሳየኛል፦ ብራና ፍቀው ስም የሚያድሱ ሰዎች የግርጌው ጽሑፍ ከእውነቱ ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበት አምነው ነበር። በየወሩ አዲስ ወረቀት የሚያትም መጽሔት ግን ያንን መግለጫ ለአራት ዓመት ሳይነካው ይኖራል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቸል ልለው አልችልም። ሁሉም አምደኛ መግለጫ ሊኖረው ይገባልን? በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ከወጣ በኋላ በግል ጋዜጦች ላይ ስንት ሰው በብዕር ስም እንደጻፈ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይህን ይጠይቃል። ጥያቄውም ትክክል ነው። የአየርላንዱን ብራያን ኦኖላንን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይሪሽ ታይምስ ላይ ማይልስ ና ጎፓሊን በሚል የብዕር ስም እጅግ የታወቀ የሽሙጥ ዓምድ ይጽፍ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ፖለቲካ በአደባባይ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም ነበርና፣ «ጸሐፊው በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይሠራሉ» የሚል መግለጫ ቢወጣ ዓምዱ በማግሥቱ ያበቃ ነበር። ዓምዱ እ.ኤ.አ. በ1966 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ዘልቋል፤ ሥራውን ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ለመልቀቅ ተገድዷል፤ የሰውየው ማንነት በመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር አልነበረምና። እንዲህ ባለ ጊዜ መግለጫ አለመኖሩ ማታለል አይደለም። የብዕር ስም ራሱ «የማልነግራችሁ ነገር አለ» ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ አንባቢም ያንን ይዞ ያነባል። ከባንዶው ማዕረግ የሚለየው በዚህ ነው። ያኛው ሁሉንም የነገረ መስሎ ነበር።

መግለጫ የማያስፈልገው ሌላም ዓይነት አምደኛ አለ። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ከአንባቢ የሚላኩለትን ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ይመልስ ነበር። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው። በዛሬው ልማድ መግለጫ ይጻፍለት ቢባል ምን ይባል ነበር? ዲግሪ የለም፤ «የተለያዩ ተቋማት» ም የሉም። አንባቢው ግን መልሱን ከመልሱ ይመዝን ነበር፤ የጳውሎስ ወንበር ራሱ ዓምዱ ነበር። ይህን የምጠቅሰው መግለጫን በዲግሪ የምንሞላው ዓምዱ ራሱ ሊሸከመው የሚገባውን ክብር ከውጭ ለማምጣት መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ጽሑፉ የጸሐፊውን አመለካከት ብቻ ያንጸባርቃል የሚለው ዓረፍተ ነገር በቋሚ አምደኛ ሥር ሲወጣ ግን አልስማማም። ለእንግዳ ጸሐፊ ያስኬዳል። ሰውየውን በየወሩ የሚመርጠው፣ ገጹን የሚሰጠው፣ ርዕሱን በሽፋን ላይ የሚያወጣው ግን አዘጋጁ ነው፤ ከአርባኛው ዓምድ በኋላ «እኛ የለንበትም» ማለት ያሳፍራል። ቦታውንም ይፈጃል፤ ያው ቦታ ከላይ ያየነውን ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ይይዝ ነበር።

ቦታ ካነሣሁ አንድ ተግባራዊ ነገር ላንሣ። የገጽ አቀናባሪ ጽሑፍ ሲተርፈው የሚቆርጠው ከታች ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ክብደቱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ባለው መግለጫ ውስጥ ትልቁን ነገር በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ካስቀመጥነው፣ ለሰዋስው ይመቻል፤ ለመቀስ ግን የመጀመሪያው ሰለባ ይሆናል። የሚሻለው የጸሐፊውን ጥቅም የሚናገረውን ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዋና ግሥ ላይ አስቀምጦ፣ አድራሻውን ለሁለተኛው መተው ነው። ቢቆረጥ አድራሻው ይቆረጥ።

ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ነው። በዚያ ወርኃዊ መጽሔት ዓምድ ላይ አንድ ጊዜ የአንድ ባልደረባዬን የአጫጭር ልቦለዶች መድብል ገመገምሁ። መጽሐፉ ደግ ነበር፤ ደግ ነው ብዬ ጻፍሁ። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት አንብቤ ያረምሁት እኔ ነበርሁ፤ በመጽሐፉ የምስጋና ገጽም ስሜ አለ። ይህን ሳስታውስ ለአዘጋጁ ከተለመደው መግለጫ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ላክሁ፦ «የዚህን መጽሐፍ ረቂቅ አርመዋል።» ራሴን አንቱ ማለቱ ያን ጊዜም ቆጥቁጦኝ ነበር። መጽሔቱ ሲወጣ ገለጥሁት። «የሥነ ጽሑፍ መምህር» የሚለው በቦታው አለ፤ የስልክ ቁጥሬም አለ። የጨመርሁት ዓረፍተ ነገር የለም። አዘጋጁን ብጠይቀው፣ ከሥር የሳሙና ማስታወቂያ ስለገባ አንድ መስመር መቀነስ ነበረበት፤ ከሦስቱ የቱ እንደማያስፈልግ አይቶ ቆረጠው።